ኮሜንት ላይ ደንበኛ ማስተናገድ፦ በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በፌስቡክ ለሚሸጡ ሱቆች የአሠራር መመሪያ

«ማስታወቂያ ከፍለን ፖስት እናደርጋለን። ሰው ያያል፣ ላይክ ያደርጋል፣ ግን አይገዛም። ምን እናድርግ?» ይህን ጥያቄ የኦንላይን ሱቅ ካላቸው ሰዎች በተደጋጋሚ እሰማለሁ። እኔ መጀመሪያ የማየው ፖስቱን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ኮሜንት ነው። ብዙ ጊዜ የማገኘውም አንድ ዓይነት ነው። «ዋጋ?» «38 ቁጥር አለ?» «አድራሻችሁ የት ነው?» ይላል ሰው። መልሱ ወይ የለም፣ ወይ «ኢንቦክስ» የምትል አንዲት ቃል ናት።

ኮሜንት ላይ የሚጠይቀው ሰው አንድ ነው። ሳይጠይቅ አንብቦ የሚያልፈው ግን ብዙ ነው። ይህ ዝምተኛ አንባቢ የሚወስነው መልሳችሁን አይቶ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን መልስ ለሁለት ሰው እንደምትጽፉ አስቡት፤ ለጠያቂውና ለዝምተኛው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የተነሡት ከዚህ ነው። ምሳሌዬ የጫማ ሱቅ ነው። ልብስ፣ መዋቢያ ወይም የቤት ዕቃ የምትሸጡም አሠራሩ አይለወጥባችሁም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለሥራ ብቻ የሚውል አንድ ስልክና አንድ ሲም። የሱቁ መልዕክት በባለቤቱም፣ በእህቱም፣ በሠራተኛውም ስልክ ከተበተነ ማን መልሶ ማን እንዳልመለሰ አይታወቅም።
- የዛሬ የዕቃ ዝርዝር፦ ዋጋ፣ ያለው ቁጥር፣ ያለው ቀለም። ወረቀት ላይ ቢሆንም ችግር የለውም፤ በየማለዳው ግን ይታደስ።
- የትዕዛዝ መዝገብ። ስም፣ ስልክ፣ የታዘዘው ዕቃ፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የተላከበት ሰዓትና ያደረሰው ሰው ይጻፍበት።
- የተዘጋጁ መልሶች። ዋትስአፕ ቢዝነስ ይህን በነፃ ይሰጣል። ቴሌግራም ላይ የፕሪሚየም ክፍያ ይጠይቃል፤ መክፈል ካልፈለጋችሁ «Saved Messages» ውስጥ ጽፋችሁ እየገለበጣችሁ መለጠፍ ትችላላችሁ።
- ፓወር ባንክ። መብራት የሚጠፋበት ምሽት ብዙ ጥያቄ የሚመጣበት ምሽት ሊሆን ይችላል።
- ኮሜንት የሚመልሰው ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ሊወስንበት የሚችል የገንዘብ መጠን። ይህን ብዙ ሱቆች ይረሱታል። ደረጃ 5 ላይ ለምን እንደሚያስፈልግ ታያላችሁ።

1. የሁለት ሳምንት ኮሜንት ቁጠሩ

ያለፉትን 14 ቀናት ኮሜንትና ኢንቦክስ ክፈቱ። ወረቀት ላይ መስመር አስምሩና እያንዳንዱን ጥያቄ በየዓይነቱ መድቡ፦ ዋጋ፣ ቁጥርና ቀለም፣ አድራሻ፣ ዴሊቨሪ፣ ቅሬታ፣ ሌላ። ከእያንዳንዱ ጎን መልስ ያገኘበትን ሰዓት ጻፉ። መልስ ካላገኘ ዜሮ አድርጉበት።

ይህን የምታደርጉት በግምት እንዳትሠሩ ነው። «ሰው ሁሉ ዋጋ ብቻ ነው የሚጠይቀን» የሚል ባለሱቅ ሲቆጥር፣ ከጥያቄው ውስጥ ትልቁ ክፍል «ጦር ኃይሎች ድረስ ታመጣላችሁ?» የሚል ሆኖ ያገኘዋል። ያኔ የሚያስፈልገው የዋጋ ቅናሽ ሳይሆን የዴሊቨሪውን ሒሳብ ፖስቱ ላይ መጻፍ ነው። ጥያቄው በየትኛው ሰዓት እንደሚበዛም በዚሁ ቆጠራ ታገኙታላችሁ። ደረጃ 3 ላይ ያስፈልጋችኋል።

2. ዋጋውን አደባባይ ላይ ተናገሩ

«ዋጋ በኢንቦክስ» የምትሉበት ምክንያት ይገባኛል። ተፎካካሪ እንዳያየው ነው። ተፎካካሪ ግን ማወቅ ከፈለገ በሌላ አካውንት ኢንቦክስ ጠይቆ ያውቀዋል። የምትደብቁት ከዝምተኛው አንባቢ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ «ሰው እያዩ ነው ዋጋ የሚናገሩት» ብሎ ያስባል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ ለሸማቹ በግልጽ እንዲያሳይ ደንግጓል።

የመልሱ ቅርጽ ይህን ይምሰል፦ ዋጋ፣ ያለው ቁጥር፣ የሚደርስበት መንገድ፣ ቀጣዩ እርምጃ።

«ጤና ይስጥልኝ። 2,800 ብር ነው። ዛሬ ከ37 እስከ 40 አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በ200 ብር እናደርሳለን። ለማዘዝ ስልክ ቁጥርዎን በኢንቦክስ ይላኩልን።»

አንድ ጠያቂ ዋጋ ብቻ ቢጠይቅም አራቱንም መልሱለት። የሚቀጥለው ሰው የሚጠይቀው ቁጥሩን፣ ከእሱ በኋላ ያለው ዴሊቨሪውን ነውና አንድ መልስ ሦስት ጥያቄ ያስቀራል። ቲክቶክ ላይ ኮሜንት 150 ፊደል ላይ ስለሚያበቃ አጠር ያለ ስሪት አዘጋጁ። የተሟላውን መልስ ፒን አድርጉት።

ወደ ኢንቦክስ የሚወሰደው የደንበኛው ስልክ፣ የቤቱ አድራሻና የክፍያው ማረጋገጫ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ደንበኛ የባንክ ዝውውር ስክሪንሾት ወይም ስልክ ቁጥሩን ኮሜንት ላይ ከለጠፈ ወዲያውኑ አጥፉትና በኢንቦክስ አሳውቁት። የሱቃችሁን ስምና ፎቶ ገልብጠው ለእንዲህ ዓይነት ደንበኛ «ገንዘብዎን ልንመልስ ነው፣ የሚስጥር ቁጥር ይላኩ» የሚሉ አጭበርባሪዎች አሉ። ፔጃችሁ መግቢያ ላይ «ገንዘብ ስንመልስ የሚስጥር ቁጥር አንጠይቅም» ብላችሁ ጻፉ።

3. የመልስ ሰዓታችሁን ወስኑና ለጥፉት

ሰዓት የማያስቀምጥ ሱቅ ሁሌም የዘገየ ይመስላል። ሰዓት ያስቀመጠና የጠበቀ ግን ሁለት ሰዓት ቢያስጠብቅም ቃሉን የሚያከብር ነው የሚባለው። አንድ ሰው ብቻ የሚመልስበት ሱቅ ሊጠብቀው የሚችለው መነሻ እንዲህ ነው፦

- የዋጋና የቁጥር ጥያቄ በኮሜንት፦ በሥራ ሰዓት በ1 ሰዓት ውስጥ።
- ኢንቦክስ ላይ ለመግዛት የተዘጋጀ ሰው፦ በ15 ደቂቃ ውስጥ።
- በአደባባይ የተጻፈ ቅሬታ፦ የመጀመሪያው ምላሽ በ30 ደቂቃ፣ መፍትሔው ወይም የመፍትሔው ቀን በዚያው ዕለት።

ቅሬታው ከኮሜንት ጥያቄ የሚቀድመው ከሥሩ ሰው ስለሚሰበሰብ ነው። ለመጀመሪያው «ሌቦች ናቸው» መልስ ካልተሰጠ «እኔንም እንዲህ አድርገውኛል» የሚል ሁለተኛ ይመጣል። ሁለተኛው ከመጣ በኋላ የምትጽፉት መልስ ማስተባበያ ይመስላል።

የሥራ ሰዓታችሁን ደረጃ 1 ላይ ካገኛችሁት ጋር አስተያዩት። ብዙ ሱቅ ከጠዋቱ 3 እስከ ማታ 12 ይሠራል። ደንበኛው ግን ስልኩን የሚያነሳው ከሥራ ከወጣ በኋላ፣ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ነው። እንዲህ ከሆነ የጠዋቱን ፈረቃ አሳጥራችሁ ወደ ምሽት አዙሩት። ካላዞራችሁት በ2013 እ.ኤ.አ. ብሪቲሽ ኤርዌይስ ላይ የደረሰው ይደርስባችኋል። የአባቱ ሻንጣ የጠፋበት አንድ መንገደኛ ቅሬታውን ትዊተር ላይ ጽፎ ብዙ ሰው እንዲያየው በራሱ ገንዘብ ማስታወቂያ አደረገው። የአየር መንገዱ ምላሽ ከሰዓታት በኋላ ሲመጣ፣ የትዊተር አገልግሎታቸው ክፍት የሚሆነው ከ09:00 እስከ 17:00 ግሪንዊች መሆኑን የሚገልጽ ነበር። ሰው ከሻንጣው ይልቅ ስለዚያ መልስ አወራ።

ለምትተኙበት ሰዓት አውቶማቲክ መልስ አስቀምጡ። ሰዓት ይናገር፦

«መልዕክትዎ ደርሶናል። አሁን ሱቁ ዝግ ነው። ነገ ጠዋት ከ2:30 እስከ 3:30 ባለው ጊዜ እንመልስልዎታለን (በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር)።»

ቅንፉ ውስጥ ያለው በከንቱ አልገባም። ከአሜሪካ ለእናቱ ጫማ የሚያዝዝ ሰው ካላችሁ 2:30 ሲል ሌላ ሰዓት ነው የሚያስበው። ዋሽንግተን ዲሲ ከአዲስ አበባ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ እሱ ከሥራ ወጥቶ ሲጽፍ እናንተ ተኝታችኋል። ይህ ደንበኛ ጠዋት መጀመሪያ የሚመለስለት ይሁን።

የተለመደ ስሕተት፦ «በቅርቡ እንመልሳለን» የሚል አውቶማቲክ መልስ። «በቅርቡ» ሰዓት የለውም። ደንበኛው የሚጠብቀው እሱ በገመተው ሰዓት ነው፤ እናንተም ሳታውቁ ትዘገያላችሁ።

4. አነጋገሩን አንድ አድርጉት

በአማርኛ ስትመልሱ የመጀመሪያው ችግር ሰላምታው ላይ ነው። የፕሮፋይሉ ስም «የማርያም ልጅ» ወይም አበባ ከሆነ ሴት ይሁን ወንድ፣ ወጣት ይሁን አዛውንት አታውቁም። «አንተ» ብላችሁ ሴት ብትሆን ተቀየመች፤ «አንቺ» ብላችሁ አባት ቢሆኑ የባሰ ነው። ስለዚህ ለማታውቁት ሁሉ «እርስዎ» በሉ። ደንበኛው ራሱ «አንተ በለኝ» ካላለ በስተቀር አትለውጡት። በአንድ ንግግር መሐል ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» መውረድ በተለይ ቅሬታ ላይ እንደ ንቀት ይነበባል።

«ውዴ»፣ «ማሬ»፣ «የኔ ቆንጆ» የሚሉትን ተዉ። ለጓደኛ ያምራሉ። ገንዘቧ ለጠፋባት ሴት ግን «ማሬ ታገሺ» ማለት ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ደንበኛው በላቲን ፊደል «waga sint nw» ብሎ ቢጽፍ እናንተ በግዕዝ ፊደል መልሱ። ሁሉም ያነበዋል፣ ዝምተኛው አንባቢም ይፈልገዋል። በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ከጻፈና የሚመልስ ሰው ካላችሁ ግን በቋንቋው መልሱለት። ለዚያ ሰው ከቅናሽ የበለጠ ነው።

«ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለውን ከተዘጋጁ መልሶቻችሁ አውጡት። «ለተፈጠረው» ሲባል ማን ፈጠረው የሚለው ይጠፋል። ሰው ይህን አነጋገር ከመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ያውቀዋል፤ ሲያነበው ማንም ኃላፊነት እንዳልወሰደ ይገባዋል። የሆነውን በስሙ ጥሩት፦ «የተሳሳተ ቁጥር ልከናል። ይቅርታ።»

«ውድ ነው» ለሚል ኮሜንት «ጥራት ዋጋ አለው» ብላችሁ አትመልሱ። ሰውየው ድሃ እንደተባለ ይቆጥረዋል። ዋጋው ምን እንደያዘ ንገሩት፦ «ዋጋው 2,800 ብር ነው። ሶሉ የተሰፋ ነው፤ ቢለቅ በ3 ወር ውስጥ በነፃ እንሰፋለን። 1,900 ብር የሆነውም አለን፤ እሱ በማጣበቂያ የተሠራ ነው።» ይህን ሲያነብ ዝምተኛው ሰው የሁለቱን ጫማ ልዩነት ተማረ። የማትፈጽሙትን ዋስትና ግን አትጻፉ፤ ኮሜንቱ ስክሪንሾት ሆኖ ይመጣባችኋል።

5. ቅሬታ በአደባባይ ሲመጣ

ይህን ደረጃ በአንድ ጉዳይ ላሳያችሁ። ገጹን የማስተናግድለት አንድ የጫማ ሱቅ ነበር። ሐሙስ ምሽት 1:40 ላይ አዲስ ቪዲዮ ሥር ይህ ኮሜንት ተጻፈ፦

«ሌቦች ናቸው!! ገንዘቤን በልተው ዝም አሉኝ። እንዳትገዙ።»

ባለቤቱ ደውሎ «አጥፋው፣ ብሎክ አድርጋት» አለኝ። አላጠፋሁም። ስታጠፉት ሰውየው ስክሪንሾት ይዞ በሌላ ቦታ ይጽፈዋል፤ ያን ጊዜ ጽሑፉ ላይ «ኮሜንቴንም አጠፉ» የሚል ይጨመራል። አሁን እናንተ ቤት ነው የጻፈው። መልስ መስጠት የምትችሉበት ቦታ ይህ ብቻ ነው።

ሀ. መጀመሪያ መዝገቡን አየሁ። ሳታዩ የምትጽፉት ይቅርታም ሆነ ማስተባበያ ሊገለበጥባችሁ ይችላል። ይህ ከ10 ደቂቃ ሊበልጥ አይገባም። ካላገኛችሁት «እያየነው ነው» ብላችሁ ጻፉ። የዚያን ምሽት መዝገቡ ላይ ትዕዛዙ ተገኘ፦ ማክሰኞ፣ 38 ቁጥር፣ 2,800 ብር በቴሌብር ተከፍሏል። የተላከው 39 ነው። ደንበኛዋ ጫማውን በሞተረኛው መልሳ ሁለት ጊዜ ኢንቦክስ ጽፋለች። መልዕክቷ የገባው በሌላኛው ሠራተኛ ስልክ ነበር፤ ማንም አላየውም።

ለ. 1:52 ላይ በአደባባይ መለስኩ፦

«ይቅርታ። ሁለት ቀን ዝም ያልንዎት እኛ ነን። 38 አዝዘው 39 ልከናል። ዛሬ እስከ 2:15 እንደውልልዎታለን።» ከሥሩ ስሜን ፈረምኩ።

ሦስት ነገር ይዟል። የሆነውን በትክክል ይናገራል፤ ስለዚህ የሚያነብ ሰው «ሌብነት አይደለም፣ ስሕተት ነው» ብሎ ራሱ ይፈርዳል። «ሌቦች አይደለንም» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ስድቡን እኔው እደግመው ነበር። ሰዓት ይሰጣል። ስም አለው። ስም ያለው ሰው ላይ መሳደብ ይከብዳል፤ ደንበኛዋም ማንን እንደምትጠይቅ ታውቃለች።

ስለ ገንዘቡና ስለ አድራሻዋ ምንም አልጻፍኩም። የደንበኛን ዝርዝር አደባባይ ላይ አታውጡ፣ እናንተ ትክክል ብትሆኑም።

ሐ. 2:05 ላይ ደወልኩ። ከሰጠሁት ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀድሜ። በስልክ ያለቀው ነገር በደቂቃ ነው፤ በጽሑፍ ግን ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ እስክትጨርስ አዳመጥኩ። ከዚያ ሁለት ምርጫ ሰጠሁ፦ ነገ ከ5 ሰዓት በፊት 38 ቁጥሩ ይድረስዎ፣ ወይም 2,800 ብሩ አሁን ይመለስ። ጫማውን መረጠች። የሁለቱንም ዙር የዴሊቨሪ ሒሳብ፣ 400 ብር፣ ሱቁ እንዲችል ወሰንኩ። ባለቤቱን አልጠየቅሁም። እስከ 500 ብር ድረስ እንድወስን ቀድመን ተስማምተናል። ያ ስምምነት ባይኖር ኖሮ «ባለቤቱን ላናግርና ልደውልልዎት» እላት ነበር፤ ያም ሦስተኛ ዝምታ ይሆንባት ነበር።

መ. ዓርብ 5:20 ላይ ወደዚያው ኮሜንት ተመለስኩ። ብዙ ሱቆች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ጉዳዩን በስልክ ይጨርሱና አደባባዩን ይረሱታል። ዝምተኛው አንባቢ የሚያየው ግን ቅሬታውን ብቻ ነው። እንዲህ ጻፍኩ፦

«38 ቁጥሩ ዛሬ ጠዋት ደርሷል። 39 የላክነው ዕቃ ስናወጣ ሳናይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሞተረኛው ከመውጣቱ በፊት የጫማውን ቁጥር ፎቶ አንስተን ለደንበኛው እንልካለን።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ እሷው «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብላ ጻፈች። ኮሜንቷን እንድታጠፋ አልጠየቅኋትም። መጠየቅ ስሕተት ነው። ጫማው ለማስደሰት ሳይሆን ለማፈን የተላከ ይመስላታል። ደግሞም አሁን ያ የኮሜንት ሰንሰለት ለሱቁ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ ይሠራል። «ችግር ቢፈጠር ምን ያደርጉኛል?» የሚለውን የሁሉንም ገዢ ፍርሃት ይመልሳል። ከዚያው ሥር ሰዎች «42 የወንድ አለ?» ማለት ጀመሩ።

ደንበኛው ተሳስቶ ከሆነስ? ለምሳሌ ጫማውን ሦስት ሳምንት አድርጎት «ይመለስልኝ» ይላል። ያኔም ቅርጹ ያው ነው፤ ፍርዱ ብቻ ይለያል። የመመለሻ ደንባችሁን ቀድማችሁ ፔጁ ላይ ካልጻፋችሁ አሁን መጥቀስ አትችሉም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል አስቀምጧል። ስለዚህ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ደንብ አትጻፉ። ለዚህኛው ደንበኛ፦ «ጫማው ከተገዛ 3 ሳምንት ስለሆነው መመለስ አንችልም። ስፌቱ ለቅቆ ከሆነ ግን ያምጡት፤ በነፃ እንሰፋለን።» አንድ ጊዜ መልሱ። ሰውየው ከቀጠለ አንድ ጊዜ ድገሙ፣ ከዚያ አቁሙ። ሦስተኛው መልስ ክርክር ይሆናል፤ በክርክር ደግሞ ሱቅ አሸንፎ አያውቅም።

6. የሚጠፋና የማይጠፋ ኮሜንት

የማይጠፋ፦ ቅሬታ፣ ሻካራ ቢሆንም። «አይረባም»፣ «ውሸታሞች» የሚለው ሁሉ መልስ ያገኛል።

የሚጠፋ፦ የሰው ስልክና የባንክ መረጃ፣ በብሔርና በሃይማኖት የሚሳደብ፣ የሌላ ሰው ማጭበርበሪያ ሊንክ። እነዚህን ስታጠፉ ማብራሪያ አያስፈልግም። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ስክሪንሾት አስቀምጡ።

ፌስቡክ ላይ «Hide» የሚለውን ከተጠቀማችሁ ኮሜንቱ ለጻፈው ሰውና ለጓደኞቹ አሁንም ይታያል። ስለዚህ ቅሬታን በመደበቅ የምታመልጡ እንዳይመስላችሁ፤ በጣም የሚያምኑት ሰዎች እያዩት ነው።

7. ከኮሜንቱ ፖስት አውጡ

ሦስት ሰው አንድ ነገር ከጠየቀ ቀጣዩ ፖስት እሱ ነው። ቲክቶክ ለኮሜንት በቪዲዮ መመለስ ይፈቅዳል፤ የጠያቂው ጽሑፍ ቪዲዮው ላይ ይለጠፋል። «እግሬ ሰፊ ነው፣ ይሆነኛል?» ለሚል ጥያቄ ጫማውን ከፍታችሁ፣ በሜትር ለክታችሁ፣ ሰፊ እግር ላይ አድርጋችሁ አሳዩ። 30 ሰከንድ ይበቃል። ጥያቄው ከእውነተኛ ሰው ስለመጣ እንደ ማስታወቂያ አይታይም። ይህ ግን በጥያቄ ላይ ብቻ ይሁን። የቅሬታ ኮሜንት ለጥፋችሁ ቪዲዮ መሥራት ከፈለጋችሁ ደንበኛውን አስፈቅዱ፣ ስሙንም ሸፍኑ።

የጫማ ሱቁ ከደረጃ 5 በኋላ ያወጣው ፖስት ቀላል ነበር። ሞተረኛው ከመውጣቱ በፊት የቁጥሩ ፎቶ እንዴት እንደሚነሳ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። ስለ ስሕተቱ አላወራም፤ አሠራሩን ብቻ አሳየ። ከዚያ በኋላ የሚመጡ ደንበኞች «ፎቶውን ላኩልኝ» እያሉ ራሳቸው ይጠይቁ ጀመር። የተሳሳተ ቁጥር መላክም በዚያው ቀነሰ፤ ሠራተኛው ፎቶ ሲያነሳ ቁጥሩን ማየቱ አይቀርምና።

የተለመደ ስሕተት፦ የደንበኛን የምስጋና መልዕክት ስሙና ስልኩ እየታየ መለጠፍ። ያመሰገናችሁን ሰው ሳታስቡ ለአጭበርባሪ አሳልፋችሁ ትሰጣላችሁ። ስምና ቁጥር ሸፍኑ፤ ከመለጠፋችሁ በፊትም ጠይቁ።

8. በየሳምንቱ ሦስት ቁጥር ያዙ

ቅዳሜ ሱቅ ከመዝጋታችሁ በፊት እነዚህን ጻፉ። ከወሰናችሁት ሰዓት ያለፈ መልስ ስንት ነበር? በአደባባይ የመጣ ቅሬታ ስንት ነበር፣ ከእነሱ ውስጥስ በአደባባይ የተዘጋው ስንቱ ነው? ከኮሜንት የመጣ ትዕዛዝ ስንት ነው? ሦስተኛውን ለማወቅ ትዕዛዝ ስትቀበሉ «የት አይተውን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና መዝገቡ ላይ ጻፉ።

የመጀመሪያው ቁጥር ካደገ ሰው ከመጨመራችሁ በፊት ተደጋጋሚውን ጥያቄ ፖስቱ ላይ ጻፉት። ሁለተኛው ላይ ያልተዘጋ ቅሬታ ካለ፣ ሰኞ ጠዋት ከአዲስ ፖስት በፊት እሱን ክፈቱ። ሦስተኛው ሳያድግ አራት ሳምንት ከቆየ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና በመልሶቻችሁ ውስጥ «ቀጣዩ እርምጃ» መኖሩን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እሱ ነው፦ ዋጋውም ቁጥሩም ተነግሯል፣ ሰውየው ግን ለማዘዝ የት እንደሚጽፍ ማንም አልነገረውም።